የጡረታ ቁጠባ ለስንት ዓመት ይበቃል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ይህ ንግግር በሬዲዮ በተነገረ ጊዜ ቁጥሮቹን በጆሮ ብቻ ይዞ ማሰላሰል ለብዙዎች ሳያስቸግር አልቀረም። ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለመከተል እንዲያመች ዛሬ በዚህ ዓምድ ታትሞ ቀርቧል።

በየወሩ የሚከፈል የጡረታ አበል ባለመብቱ በሕይወት እስካሉ ድረስ ስለማይቋረጥ «መቼ ያልቅ ይሆን?» ተብሎ አይጠየቅም። ከደመወዝ እየተቆጠበ የተጠራቀመ ገንዘብ ግን እንደዚህ አይደለም። ፕሮቪደንት ፈንድ በሚባለው ደንብ ሠራተኛውና አሠሪው እያዋጡ አከማችተውት በስንብት ጊዜ ባንድነት የሚሰጠው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ይህን የመሰለውን ገንዘብ ባለቤቱ ባንክ አስቀምጦ በየወሩ የተወሰነ ብር ያወጣበታል፤ ባንኩም በቀረው ላይ ወለድ ያስብለታል። ባንድ በኩል ይወጣል፥ በሌላ በኩል ይገባል። እንግዲህ ገንዘቡ የሚያልቀው መቼ ነው? የዛሬው ንግግሬ ይህን ለማስረዳት ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንያዘው። አንድ ሰው በ60 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ 600,000 ብር በቁጠባ ሒሳብ አስቀመጡ እንበል። ወለዱ በዓመት በመቶ 7 ነው። ይህን ልክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. ከመቶ 5 ወደ መቶ 7 ከፍ ስላደረገው ነው። ጡረተኛው ለቤታቸው ወጪ በየወሩ መጨረሻ 5,000 ብር ለማውጣት ወሰኑ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት የተሳሳተ ግምት ይሰማል። አንደኛው ሰው 600,000ን ለ5,000 አካፍሎ «120 ወር፥ ማለት 10 ዓመት ይበቃል» ይላል። ይህ ሰው ወለዱን ረስቷል። ሁለተኛው ሰው ደግሞ «የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 3,500 ብር ነው፤ ከዋናው ገንዘብ የሚነካው 1,500 ብር ብቻ ስለሆነ 600,000ን ለ1,500 ብናካፍለው 400 ወር፥ ማለት ከ33 ዓመት በላይ ይቆያል» ይላል። ይህኛው ወለዱን አልረሳም፤ ነገር ግን ወለዱ ሁልጊዜ 3,500 ብር ሆኖ የሚኖር መስሎታል። ትክክለኛው መልስ ከሁለቱም የራቀ ነው፤ 17 ዓመት ከ3 ወር ነው። እዚህ መልስ ላይ እንዴት እንደሚደረስ ከወር ወደ ወር እየሄድን እንመልከት።

በመጀመሪያው ወር መጨረሻ 3,500 ብር ወለድ ይገባል፥ 5,000 ብር ይወጣል፤ የቀረው 598,500 ብር ነው። ከዋናው የተቆረሰው 1,500 ብር ሆነ። በሁለተኛው ወር ወለዱ የሚታሰበው በ598,500 ብር ላይ ስለሆነ 3,491 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ጡረተኛው የሚያወጡት ግን ያው 5,000 ብር ነው፤ ስለዚህ ከዋናው የሚቆረሰው 1,508 ብር ከ75 ሳንቲም ሆነ። በሦስተኛው ወር ወለዱ ወደ 3,482 ብር ከ45 ሳንቲም ይወርዳል፥ ቁራሹም ወደ 1,517 ብር ከ55 ሳንቲም ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስተውል። ቁራሹ በሁለተኛው ወር የጨመረው በ8 ብር ከ75 ሳንቲም ነው። ይህ 8 ብር ከ75 ሳንቲም ከየት መጣ? በመጀመሪያው ወር የተቆረሰው 1,500 ብር በባንክ ቢቆይ ኖሮ በአንድ ወር ያስገኝ የነበረው ወለድ በትክክል ይህ ነው። ከባንክ የወጣ ብር ብቻውን አይወጣም፤ ሊወልደው የነበረውንም ይዞ ይሄዳል። የወሩ ወጪ ስለማይቀነስ የጎደለው ወለድ እንደገና ከዋናው ይሞላል። ይህም በተራው የሚቀጥለውን ወር ወለድ ያጎድላል። ስለዚህ ከዋናው የሚቆረሰው ገንዘብ ከወር ወደ ወር የሚያድገው ልክ በወለዱ መጠን ነው፤ በእኛ ምሳሌ በዓመት በመቶ 7።

ይህ ከታወቀ የቀረው ስሌት ቀላል ነው። በመጀመሪያው ወር ቁራሹ 1,500 ብር ነበር። ወለድ የሚባል ነገር ሲጠፋ ደግሞ የወሩ ወጪ በሙሉ፥ ማለት 5,000 ብር፥ ከዋናው የሚቆረስ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡ አልቋል ማለት ነው። ስለዚህ «ገንዘቡ መቼ ያልቃል?» የሚለው ጥያቄ «1,500 ብር በዓመት በመቶ 7 እያደገ 5,000 ብር የሚሆነው መቼ ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ይለወጣል።

አንድ ገንዘብ በወለድ እጥፍ የሚሆንበትን ጊዜ ለመገመት 70ን በወለዱ መጠን ማካፈል ይበቃል። 70 ለ7 ሲካፈል 10 ነው፤ ስለዚህ በመቶ 7 የሚያድግ ገንዘብ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። 1,500 ብሩ በ10 ዓመት 3,000 ይሆናል። ከዚያ በኋላ 3,000ው በሰባት ዓመት 4,900 ገደማ ይደርሳል፤ ጥቂት ወራት ሲጨመሩ 5,000 ይሞላል። ጡረተኛው ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 77 ዓመት ከ3 ወር ይሆናል።

በዚሁ መንገድ ሌሎች ወጪዎችን እንመዝን። በወር 7,000 ብር ቢያወጡ የመጀመሪያው ቁራሽ 3,500 ብር ነው፤ 3,500 አንድ ጊዜ እጥፍ ሲሆን 7,000 ስለሚደርስ ገንዘቡ በ10 ዓመት ያልቃል። በወር 4,000 ብር ቢያወጡ የመጀመሪያው ቁራሽ 500 ብር ብቻ ነው፤ 500 እጥፍ ሲሆን 1,000፥ ዳግመኛ 2,000፥ ሦስተኛ 4,000 ይሆናል፤ ስለዚህ ወደ 30 ዓመት ይቆያል። ወጪውን 3,500 ብር ላይ ቢያቆሙት ቁራሽ ስለሌለ ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ይኖራል።

ከዚህ የምንረዳው የወጪው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም የዓመቱ ልዩነት ትንሽ አለመሆኑን ነው። ከ5,000 ላይ 500 ብር ቀንሰው በወር 4,500 የሚያወጡ ከሆነ ገንዘቡ 21 ዓመት ተኩል ያህል ስለሚቆይ ከ4 ዓመት በላይ ያተርፋሉ። 500 ብር ጨምረው 5,500 ቢያወጡ ደግሞ 14 ዓመት ተኩል ብቻ ይበቃቸዋል። ወጪው ወደ ወለዱ በተጠጋ ቁጥር እያንዳንዱ የተተወ ብር የሚገዛው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል።

አሁን ብዙ ሰዎችን ወደሚያስተው ነገር እንመለስ። በወር 5,000 የሚያወጡት ሰው አንድ ዓመት ሙሉ 60,000 ብር ካወጡ በኋላ የቁጠባ ደብተራቸውን ቢያዩ ወደ 581,400 ብር ያህል ያገኛሉ። የጎደለው ከ18,600 ብር አይበልጥም። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ 492,600 ብር አለ። በዐሥረኛው ዓመት መጨረሻ፥ ያ ወለዱን የረሳው ሰው አልቋል ባለበት ቀን፥ ገና ወደ 340,400 ብር ይቀራል። በዐሥራ አምስተኛው ዓመት መጨረሻ ግን የሚገኘው ወደ 124,600 ብር ብቻ ነው፤ ከዚያም በሁለት ዓመት ከሦስት ወር ውስጥ ምንም አይኖርም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የጎደለው ወደ 107,000 ብር ሲሆን በሦስተኛዎቹ አምስት ዓመታት የጎደለው ወደ 216,000 ብር ነው፤ የወሩ ወጪ ግን አንድም ብር አልጨመረም። አባቶቻችን እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ውኃ ይህን የመሰለ ነው።

እንግዲህ አደጋው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ ደብተሩ የሚያሳየው ቁጥር ልብን ያዘናጋል። ጡረተኛው ሰው በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ወደ 540,000 ብር እንዳላቸው አይተው «በሦስት ዓመት የጎደለው 60,000 ብር ብቻ ከሆነ ጥቂት ብጨምርበት ምን አለ?» ብለው ወጪያቸውን ወደ 6,000 ብር ከፍ አደረጉ እንበል። ወለዱ በዚያን ጊዜ 3,150 ብር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቁራሹ ወደ 2,850 ብር ይዘልላል። 2,850 ብር አድጎ 6,000 የሚደርሰው ከ10 ዓመት ከ8 ወር በኋላ ነው። ያለፈው ሦስት ዓመት ሲታከል 13 ዓመት ከ8 ወር ይሆናል። በወር 1,000 ብር መጨመሩ ከኋላ ያለውን 3 ዓመት ከ7 ወር ቆርጦ ጣለው። እኒህ ሰው ገንዘባቸው የሚያልቀው በ77 ዓመታቸው መሆኑ ቀርቶ 74 ዓመት ሳይሞላቸው ይሆናል። ያን ጊዜ ደግሞ ሥራ ፈልጎ ማግኘት፥ ወይም ለባለቤታቸው የመድኃኒት መግዣ ከሌላ ቦታ ማምጣት ቀላል አይደለም።

ሌላው የተለመደ ነገር ገንዘቡ እንደተገኘ ለድግስ፥ ለቤት ዕድሳት ወይም ለልጅ መርጃ በአንድ ጊዜ ጠቀም ያለ ብር ማንሣት ነው። ጡረተኛው በመጀመሪያው ቀን 60,000 ብር አነሡ እንበል። 60,000 ብር የ12 ወር ወጪ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያጎድለው አንድ ዓመት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳየነው፥ በወር 5,000 እያወጡ ከ600,000 ወደ 540,000 ለመውረድ ሦስት ዓመት ይፈጃል። 60,000ውን በአንድ ቀን ያነሣ ሰው ያን የሦስት ዓመት መንገድ በአንድ ቀን ተራመደው ማለት ነው። የቀረው 540,000 ብር የሚበቃው ለ14 ዓመት ከ3 ወር ነው። ያው 60,000 ብር የሚነሣው በመጨረሻው ዘመን ቢሆን ኖሮ የሚያሳጥረው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ በሆነ ነበር፤ በመጀመሪያ የተነሣ ብር የረጅም ዘመን ወለዱን ይዞ ስለሚሄድ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ይህን ስል ለሚያስፈልግ ጉዳይ ገንዘብ አይነሣ ማለቴ አይደለም፤ የሚነሣው ገንዘብ ዋጋው በብር ብቻ ሳይሆን በዓመትም መቆጠር አለበት ማለቴ ነው።

ደብተሩ ልብን የሚያዘናጋ ከሆነ ሰው የቀረውን ዘመን በምን ያውቃል? የቀረውን ጠቅላላ ገንዘብ ማየት አይበቃም፤ የወሩን ወለድ ከወሩ ወጪ ጋር ማስተያየት ይገባል። ወለዱ በመቶ 7 ሲሆን ሦስት ምልክቶችን ማስታወስ ይጠቅማል። የወሩ ወለድ ከወሩ ወጪ አራት እጅ ሦስቱን የሚሸፍን ከሆነ ገንዘቡ ገና 20 ዓመት ያህል ይቆያል። ወለዱ የወጪው እኩሌታ ሲሆን የቀረው 10 ዓመት ያህል ነው። ወለዱ የወጪው ሩብ ሲሆን ግን የቀረው 4 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በእኛ ምሳሌ ወለዱ የወጪው እኩሌታ፥ ማለት 2,500 ብር የሚሆነው፥ በባንክ 428,600 ብር ገደማ ሲቀር ነው፤ ይህም የሚደርሰው ከሰባት ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ ነው። ወጪ መቀነስ ካስፈለገ ለመቀነስ የሚመቸው ከዚህ ምልክት በፊት ነው፤ ሩቡ ምልክት ላይ ከተደረሰ በኋላ የሚደረግ ቁጠባ የሚያስገኘው ጊዜ ጥቂት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሦስት ነገሮች እንዳሉ ይቆያሉ በማለት ነው፤ ሦስቱም ግን ሊለወጡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ግብር ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከቁጠባ ወለድ ላይ በመቶ 5 ግብር እንዲቀነስ ደንግጓል። ግብሩ የሚቀነሰው ከዋናው ገንዘብ ሳይሆን ከወለዱ ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር 3,500 ብር ወለድ ለባለቤቱ 3,325 ብር ሆኖ ይደርሳል። በዚህ ልክ ሲታሰብ 17 ዓመት ከ3 ወር የነበረው ወደ 16 ዓመት ተኩል ያጥራል። ትክክለኛ ስሌት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ባንኩ በማስታወቂያ ከሚነግረው ወለድ ይልቅ በደብተሩ ላይ የገባለትን ወለድ ይያዝ።

ሁለተኛው የወለዱ መጠን ነው። ወለዱ በመቶ 5 ቢሆን የመጀመሪያው ወር ወለድ 2,500 ብር፥ ቁራሹም 2,500 ብር ይሆናል። 70 ለ5 ሲካፈል 14 ስለሆነ 2,500ው እጥፍ ሆኖ 5,000 የሚደርሰው በ14 ዓመት ነው። ሁለት በመቶ ብቻ ቢጎድል ከሦስት ዓመት በላይ ይቀነሳል። የወለዱ መጠን በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ስሌቱን እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የገበያ ዋጋ ነው። የተወሰነ ገንዘብ በየወሩ የሚያወጣ ሰው የሚያወጣው ብር እንጂ ጤፍና ዘይት አይደለም። በኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 በላይ ነበር። ዋጋ በዓመት በመቶ 30 በሚያድግበት ጊዜ ዛሬ በ5,000 ብር የሚገዛው ከዓመት በፊት 3,850 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ያህል ነው። ገንዘቡ በደብተር ላይ 17 ዓመት ቢቆይም በመሶብ ላይ ያን ያህል አይቆይም። ጡረተኛው ኑሯቸው እንዳይጎድል ወጪውን በየዓመቱ ከዋጋው ጋር ከፍ ማድረግ ሊኖርባቸው ነው። ዋጋ በየዓመቱ በመቶ 7 ብቻ ቢጨምርና ወጪውም በየዓመቱ በዚያው ልክ ቢያድግ፥ 600,000 ብሩ የሚበቃው ለ10 ዓመት ተኩል ያህል ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ሰው እናስታውስ፤ ወለዱን ረስቶ 10 ዓመት ያለው ሰው ሳያስበው ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኘ። ወለድና የዋጋ ዕድገት እኩል ሲሆኑ አንዱ የሰጠውን ሌላው ስለሚወስደው፥ ተራው ማካፈል የቀረበ መልስ ይሰጣል። ዋጋው ከወለዱ በበለጠ በሚያድግበት ዘመን ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

ስለዚህ ከጡረታ በፊት ያለ ሰው ሁለት ስሌት ቢያደርግ መልካም ነው። አንደኛው በወለድ እየታሰበ ገንዘቡ በደብተር ላይ የሚቆይበት ዘመን ነው፤ ሁለተኛው ጠቅላላውን ገንዘብ በወሩ ወጪ በማካፈል የሚገኘው አጭሩ ዘመን ነው። የወሩን ወጪ ሲወስን የመጀመሪያውን ብቻ አምኖ እንዳይወስን፥ ሁለተኛውንም ከፊቱ ያኑር። ሌላ ቋሚ አበል ያለው ሰው ሁለተኛው ስሌት አጭር ቢሆንበትም ይችለው ይሆናል፤ ከዚህ ገንዘብ በቀር ሌላ የሌለው ሰው ግን ከ5,000 ይልቅ በ4,000 ወይም በ4,500 መጀመሩ ዋጋ ባደገ ጊዜ ለመጨመር ቦታ ይተውለታል።

ከዚያም በየዓመቱ በመስከረም ወር ሦስት ቁጥሮች በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ፤ የቀረው ገንዘብ፥ የወሩ ወለድና የወሩ ወጪ። ወለዱ ከወጪው ስንት እጅ እንደሆነ ከታየ የቀረው ዘመን ይታወቃል። የትዳር ጓደኛም ይህን ጽሑፍ እንዲያውቅ ማድረግ ይገባል፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ሲያልፍ ደብተሩን የሚረከበው ሌላው ነውና፥ ያን ጊዜ ስሌቱን ከመጀመሪያ መጀመር እንዳይቸግረው ነው።